«መዝገብ»፣ «ዶሴ»ና «የተዘጋ»፦ በአንድ የርክክብ ማስታወሻ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንዲት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከሥራቸው ሲሰናበቱ ለተተኪያቸው የጻፉት የርክክብ ማስታወሻ ከነአባሪው እጃችን ገብቷል። አባሪው በስካነር ተነሥተው በኮምፒዩተር የተቀመጡ የፍትሐ ብሔር ክርክሮች በሠንጠረዥ የተጠቃለሉበት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ክርክር አንድ ረድፍ ተመድቦለታል፤ ቁጥሩ፣ ተከራካሪዎቹ፣ የክሱ ዓይነት፣ ውጤቱና ቀኑ በየዓምዳቸው ሰፍረዋል። የፍርድ ቤቱንም ሆነ የጸሐፊዋን ስም መጥቀስ ለጉዳያችን አያስፈልግም። ጽሑፉን ለዚህ ዓምድ የመረጥነው ጸሐፊዋ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀት አሳብ ሳይኖራቸው መዝገበ ቃላት አዘጋጅተው ስላገኘናቸው ነው።

የተለመደው የርክክብ ሰነድ ዕቃ ቆጥሮ ማስረከቢያ ነው። ቁልፍ፣ ማኅተም፣ መደርደሪያ፣ የዶሴ ብዛት ይዘረዘርና አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙበታል። ይህኛው ግን ቆጠራውን በአንድ ገጽ ጨርሶ ቀሪውን ሁሉ ያዋለው በሠንጠረዡ ውስጥ የተጻፈው ቃል ምን ለማለት እንደ ተጻፈ ለማስረዳት ነው። ተረካቢው የሚረከበው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን አንብቦ በጥቂት ቃላት ያሳጠረውን ሰው ውሳኔም ጭምር ነው። ጸሐፊዋ ይህን ተረድተውታል።

ከሁሉ አስቀድመው ያነሡት «መዝገብ» የሚለውን ቃል ነው፤ መነሣትም ይገባው ነበር። በፍርድ ቤት አማርኛ ይህ ቃል ክሶች በየተራቸው የሚገቡበትን ትልቁን ደብተር ይጠራል፤ የአንድን ክርክር ወረቀቶች አቅፎ የያዘውን ክምርም ይጠራል፤ ከዚያም አልፎ ክርክሩን ራሱን ይተካል፤ «በዚህ መዝገብ ላይ ይግባኝ ተብሏል» ሲባል ይግባኝ የተባለው በወረቀቱ ላይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር ያለው ምስል «መዝገብ» እየተባለ ነው። ስለዚህ «መዝገቡ የለም» የሚል አንድ አጭር ማስታወሻ አራት ልዩ ልዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል፦ ክሱ በደብተሩ አልገባም፣ ገብቷል ነገር ግን ወረቀቱ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ አለ ነገር ግን በስካነር አልተነሣም፣ ወይም ምስሉ ተነሥቶ በኮምፒዩተሩ ቦታውን ስቷል። የመጀመሪያው ባለጉዳዩን ያሰናብታል፤ የመጨረሻው የግማሽ ሰዓት ፍለጋ ነው።

ጸሐፊዋ መፍትሔውን ያገኙት አዲስ ቃል በመፍጠር አይደለም። ደብተሩን «መዝገብ»፣ የወረቀቱን ክምር «ዶሴ»፣ በኮምፒዩተር ያለውን «ፋይል» ብለዋል። ሦስቱም ቃላት በሥራ ቤቱ ያሉ ናቸው፤ አዲስ የሆነው ድንበራቸው ነው። «ዶሴ»ን የባዕድ ቃል ነው ብለው የሚነቅፉ ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን በመዝገብ ቤቶቻችን ለረጅም ዘመን አገልግሎ የበሰለን ቃል አስወጥቶ «የክርክር ሰነዶች ስብስብ» የሚል ሦስት ቃል በቦታው ማኖርን የቋንቋ ማበልጸግ አንለውም። የሚያስወቅሳቸው ሌላ ነው፤ በማስታወሻው ያወጡትን ድንበር በሠንጠረዡ አልጠበቁትም። የመጀመሪያው ዓምድ ርእስ «የመዝገብ ቁጥር» ይላል፤ ከሥሩ የተጻፈው ግን አንዳንዴ የደብተሩ ተራ ቁጥር፣ አንዳንዴ በዶሴው ሽፋን ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሁለቱ ብዙውን ጊዜ አንድ ስለሆኑ ስሕተቱ አይታይም፤ የሚታየው አንድ ዶሴ በሥልጣን ምክንያት ወደ ሌላ ችሎት ተዛውሮ አዲስ ቁጥር ሲያገኝ ነው።

ከማስታወሻው ሁሉ የላቀ ያልነው ክፍል ባዶ ስለሆኑት ሳጥኖች የሚናገረው ነው። ጸሐፊዋ አንድም ሳጥን ባዶ አልተዉም። ዶሴው ሙሉ ሆኖ የተፈለገው ነገር በውስጡ ከሌለ «የለም»፣ ሊኖርበት የሚገባው ገጽ ከጎደለ «አልተገኘም»፣ ገጹ ኖሮ ቀለሙ ከደበዘዘ ወይም ምስሉ ከተንጋደደ «አይነበብም» ብለው ጽፈዋል። ልዩነቱን ልብ እንበል። «የለም» ስለ ክርክሩ የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ «አልተገኘም» ስለ ፈላጊው፤ «አይነበብም» ስለ ምስሉ። ሦስተኛውን ያነበበ ተረካቢ ወደ ወረቀቱ ተመልሶ ገጹን እንደ ገና ያነሣዋል፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ግን መድከም አይኖርበትም። ተርጓሚዎች ይህን ሠንጠረዥ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመልሱ ሦስቱንም በአንድ ቃል ወይም በአንድ ሰረዝ ቢተኩ፣ ጸሐፊዋ የደከሙበትን ሁሉ ያፈርሳሉ።

የሠንጠረዡ ትልቁ ጉድለት በተከራካሪዎቹ ዓምዶች ላይ ነው። ሁለት ዓምዶች ብቻ ናቸው፤ «ከሳሽ» እና «ተከሳሽ»። አንድ ክርክር ይዘን እንከተለው። አንዲት አከራይ ያልተከፈላቸውን ኪራይ እንዲከፍል ተከራያቸውን ይከሳሉ። በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እርሳቸው ከሳሽ፣ እርሱ ተከሳሽ ነው፤ ይፈረድላቸዋል። ተከራዩ ይግባኝ ሲል በአዲሱ ዶሴ ላይ እርሱ «ይግባኝ ባይ»፣ እርሳቸው «መልስ ሰጪ» ይሆናሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ይሽረዋል። አከራይዋ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል ብለው ወደ ሰበር ችሎት ሲሄዱ ደግሞ እርሳቸው «አመልካች»፣ እርሱ «ተጠሪ» ይባላሉ። ሰዎቹ ሁለት፣ ክርክሩ አንድ፣ መጠሪያው ግን ስድስት ነው። አንዱ ከሌላው ሊለዋወጥም አይችልም፤ እያንዳንዱ መጠሪያ ጉዳዩ በየትኛው ደረጃ እንዳለና ማን በፍርዱ እንዳልተደሰተ ይናገራልና።

ጸሐፊዋ በማስታወሻቸው «ጉዳዩን ወደ ችሎቱ ያመጣውን ወገን በከሳሽ ዓምድ አግብቻለሁ» ብለዋል። ማስታወሻው በእጁ ያለ ሰው ይህን ይረዳል። ሠንጠረዡ ብቻ የደረሰው ግን በሁለተኛው ረድፍ ላይ ተከራዩ አከራይዋን ከሷል ብሎ ያነባል፤ በስማቸው ሲፈልግም አንድ ጊዜ ከሳሽ፣ አንድ ጊዜ ተከሳሽ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ሁለት ጠብ የነበራቸውም ይመስለዋል። አንደኛው ወገን ሳይሆን በክርክሩ የገባ «ጣልቃ ገብ» ሲኖርማ ሁለቱ ዓምዶች ጨርሶ አያስገቡትም፤ ጸሐፊዋ «ምርመራ» በሚለው ዓምድ አስጠግተውታል፤ ከዚያም የሚፈልገው የለም። እኛ የምንለው የዓምዶቹ ርእስ ከየትኛውም ደረጃ ነጻ የሆነ «አቅራቢ ወገን» እና «ተቃራኒ ወገን» ቢሆን፣ በአጠገባቸውም በዶሴው ላይ የተጻፈው መጠሪያ ሳይለወጥ እንዳለ ቢገለበጥ ነው። አጠቃላዩ ስም ለሠንጠረዡ፣ ልዩው ስም ለሕጉ ያገለግላል፤ አንዱን ቃል ለሁለቱም ማሠራት ግን ሁለቱንም ያጎድላል።

«ውጤት» በሚለው ዓምድ በብዙ ረድፎች ላይ «የተዘጋ» ተብሏል። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ማንም የፍርድ ቤት ጽሑፍ ያነበበ ያውቃል፤ ውሳኔዎቻችን ሁሉ ሲያበቁ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት እንዲመለስ ያዝዛሉ። ነገር ግን የሚዘጋው ዶሴው ነው እንጂ ጠቡ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ሁለቱም ወገኖች በቀጠሮው ቀን ሳይቀርቡ ቀርተው ክሱ ከተሰረዘ፣ ከሳሹ ዳኝነት ከፍሎ እንደ ገና ሊከስ ይችላል። ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ክዶ፣ ከሳሹ ብቻውን የቀረ እንደሆነ ግን ክሱ ይዘጋል፤ በቂ ምክንያት አቅርቦ ትእዛዙን ካላስነሣ በቀር በዚያው ጉዳይ ሌላ ክስ ማቅረብ አይችልም። ሁለቱም ዶሴዎች በመጨረሻው መስመራቸው ተዘግተዋል። ለባለጉዳዩ ግን በአንደኛው በሩ ክፍት ነው፣ በሌላው ተቆልፏል።

ጸሐፊዋ ውጤቱ ግልጽ ሳይሆንላቸው ሲቀር የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንደ ወሰዱ በማስታወሻው ገልጸዋል። ይህን መግለጻቸው ተረካቢውን ያነቃዋል፤ የጠፋውን ግን አይመልስለትም። የተምታታውን ለመለየት አንድ ምልክት አለ፦ «የተዘጋ» ከተባለው ረድፍ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያው ሁለት ስምና በዚያው የክስ ዓይነት ሌላ ረድፍ ከተገኘ፣ ፊተኛው የተሰረዘ መሆኑን መጠርጠርና ምስሉን መግለጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ቃሉን «የተሰረዘ»፣ «ውድቅ የተደረገ»፣ «በስምምነት ያለቀ»፣ «ፍርድ ያገኘ» እያሉ መከፋፈል ነው። «ተዘጋ» ራሱ ከውጤት ዓምድ ወጥቶ ዶሴው በመደርደሪያ ያለበትን ሁኔታ ቢናገር እውነተኛ ቦታውን ያገኛል።

በስሞች ረገድ በአጭሩ እንናገራለን። በእጅ የተጻፉት ዶሴዎች «ወ/ማርያም» ያሉትን ሠንጠረዡ ሁልጊዜ «ወልደ ማርያም» ብሎ ዘርዝሮታል። በሴት ተከራካሪ ስም ላይ ግን «ወለተ ማርያም» ሊሆን ይችላል፤ በአባት ስም ላይ ሲሆን «ወልደ» ማለት ትክክል ነው። እንግዲህ ምሕጻረ ቃሉን ከመዘርዘር በፊት ስሙ የማን እንደሆነ ማየት ግድ ነው። የሞክሼ ሆሄያትም ነገር አለ። «ኃይሉ»፣ «ኀይሉ»፣ «ሐይሉ»፣ «ሀይሉ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ዩኒኮድ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ስለሰጠ ለኮምፒዩተሩ አራት ስሞች ናቸው። ጸሐፊዋ ሁሉንም ወደ አንድ አጻጻፍ መልሰዋል። ለፈላጊ ምቹ ነው፤ ሰውዬው በፊርማው የጻፈው ስም ግን ከሠንጠረዡ ጠፍቷል። አንዱ ዓምድ እንደ ተጻፈው፣ ሌላው እንደሚፈለገው ቢሆን ሁለቱም ይድኑ ነበር።

የቀኑ ጉዳይ ማስታወሻው ጨርሶ ያላነሣው ብቸኛው ነው። ስካነሩ ለምስሎቹ በራሱ የሚሰጠው ስም `20190412_0037.tif` የመሰለ ሲሆን፣ ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሠራተኞች በእጃቸው የሰየሟቸው ደግሞ `20110804` ይላሉ፤ ዓመተ ምሕረቱ 2011፣ ወሩ ስምንተኛው፣ ቀኑ 4 ነው፤ ይህም ሚያዝያ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለት ነው። ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው። ኮምፒዩተሩ በቀን ሲደረድራቸው ግን ሁለተኛውን ሐምሌ 28 ቀን 2003 ዓ.ም. አድርጎ ወደ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ወደ ኋላ ይጥለዋል፤ አንድ ጠዋት ከአንድ ዶሴ የተነሡ ገጾችም በሁለት ጫፍ ይለያያሉ። ተረካቢው ከሁሉ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት በ`2011` የሚጀምሩትን ከሚቀጥሉት የሐበሻ ዓመታት ጋር ለይቶ፣ በየስማቸው መጨረሻ ላይ የዘመን አቆጣጠራቸውን ምልክት መጨመር ነው።