የአንዲት ገጽ ውለታ

ጥሩ የመረብ ኳስ ሳምንታዊ ሪፖርት ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ለእያንዳንዱ ሮቴሽን አንድ መስመር አለው፤ መስመሩም የሚጠራው ሴተሩ በቆመበት ቁጥር ነው። የማጥቃት ውጤት የሚሰላው ነጥብ ካስገኙት ምቶች ላይ የተበላሹትንና በብሎክ የተመለሱትን ቀንሶ፣ ቀሪውን ለጠቅላላ ምቶች በማካፈል ነው። የሰርቭ አቀባበል ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ 3 የሚሰጠው ኳሱ በቀጥታ ሴተሩ እጅ ሲገባ ነው።

አንድ የፍኖተ ሰላም አሠልጣኝ ይህን ገጽ ያዘ እንበል። ሴተሩ 1 ቁጥር ሲቆም ከ20 ምት 9 ነጥብ ተገኝቶ 4ቱ ከሽፈዋል፤ ውጤቱ 0.25 ነው። 4 ቁጥር ሲቆም ግን ከ18 ምት 6 ነጥብ ተገኝቶ 6 ከሽፏል፤ ውጤቱ ዜሮ! አጥቂውን ከመቆጣቱ በፊት ቀጣዩን ዓምድ ቢያይ፣ አቀባበሉም ከ2.2 ወደ 1.3 ወርዷል። በዚህ ሮቴሽን ፊት ያሉት አጥቂዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሴተሩም ከግራ ጥግ ሮጦ ይመጣል። ኳሱ ከመረቡ ሲርቅ ብሎኩ ቀድሞ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ልምምድ የሚያስፈልገው አቀባበሉ ነው። ገጹን የምወደው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱን ከነምንጩ ያሳያል።

18 ምት ግን ለፍርድ ያንሳል፤ የአራት ሳምንቱን ደምሩት። ደጅ ሜዳ ላይ ከተጫወታችሁ ደግሞ ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር ጥግ ላይ ጻፉበት።