ጆንያው ከመመዘኑ በፊት

በነቀምቴ ስታቲስቲክስ ሳስተምር ደጋግሜ የምሰጠው ጥያቄ አለ። «አንድ መጋዘን ቡና በጆንያ እየሞላ ያቀርባል። በየጆንያው ላይ 60 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። 36 ጆንያዎች በዕጣ ተመርጠው ሲመዘኑ አማካይ ክብደታቸው 59.6 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 1.2 ኪሎ ሆነ። ገዢው ቡናው ይጎድላል ይላል። በ5 በመቶ ደረጃ ፈትኑ።» ቁጥሮቹን ለትምህርት ያወጣኋቸው ናቸው፤ ጉዳዩ ግን የሀገሩ ነው። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ የከተማችንን ስም ይዞ ሌከምፕቲ እየተባለ ይሸጣል፤ ወደ ውጭ የሚላከው የኢትዮጵያ ቡናም የሚታወቀው በ60 ኪሎ ጆንያ ነው።

ስሌቱ ማንንም አያስቸግርም። 1.2 ለ36 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ6፣ ሲካፈል 0.2 ይሆናል። ከ60 የጎደለው 0.4 ኪሎ ለ0.2 ሲካፈል 2 ይመጣል፤ አማካዩ ከ60 በታች ስለሆነ t = −2 ነው። ክፍሉ በሙሉ እዚህ ቁጥር ላይ ይደርሳል። ተማሪዎቹ የሚለያዩት ከስሌቱ በፊት በሚጻፉት ሁለት መስመሮች፣ በኑል መላምቱና በአማራጭ መላምቱ ነው።

ብዙዎች አማራጩን μ = 59.6 ብለው ይጽፉታል። 59.6 ግን ሚዛን ላይ ያየነው ቁጥር ነው፤ ያየነውን ነገር መፈተን አያስፈልግም። የማናውቀው መጋዘኑ የሚሞላቸው ጆንያዎች ሁሉ አማካይ ነው፣ μ የምንለው። መላምት የሚቆመው ስለዚያ የማይታይ አማካይ ነው። ስለዚህ ከናሙናው የተገኘ ቁጥር በሁለቱም መስመሮች ላይ ቦታ የለውም። 60 ቦታ ያገኘው ከመመዘኑ በፊት ጆንያው ላይ ተጽፎ ስለነበር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እኩልነቱ የት ይግባ የሚለው ነው። አንዳንዱ ተማሪ «ሰውየው የሚለው ነገር ሁልጊዜ አማራጭ መላምት ነው» የሚል ሕግ ይዞ ይመጣል። ገዢው «ይጎድላል» ሲል ሕጉ ይሠራል፦ H1: μ < 60። ጥያቄውን ገልብጠን ባለመጋዘኑ «አማካዩ ከ60 ኪሎ አያንስም» አለ ብንል ግን ሕጉ ይወድቃል። «አያንስም» ውስጥ እኩልነት አለ፤ እኩልነት ያለበት ዓረፍተ ነገር ደግሞ ተናጋሪው ማንም ይሁን ኑል ነው፦ H0: μ ≥ 60። ምክንያቱ የፈተናው አሠራር ነው። ፈተናው «እውነቱ ይህ ቢሆን ኖሮ ናሙናችን በዕድል ብቻ ምን ያህል ሊርቅ ይችል ነበር?» ብሎ ያሰላል። ለዚህ ስሌት መነሻ የሚሆን አንድ ቁጥር ያስፈልጋል። «ከ60 በታች» 59ም 55ም ሊሆን ስለሚችል መነሻ አይሆንም፤ 60 ይሆናል። ለተማሪዎቼ የማሳያቸው መንገድ ቀላል ነው፤ የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር ጻፉት፣ ከሥሩ ተቃራኒውን ጻፉ፣ ከሁለቱ እኩልነት ያለበትን ኑል በሉት።

ጭንቁ ያለው አቅጣጫው ላይ ነው። ገዢው የሚፈራው ጉድለትን ብቻ ነው፤ ጆንያው ቢሞላለት አይከራከርም። ስለዚህ ፈተናው ባለ አንድ ጎን፣ ዋን ቴይልድ የምንለው ነው። 5 በመቶው በሙሉ በግራ በኩል ይቀመጣል፤ ለ36 ጆንያ መቁረጫው −1.69 ነው። −2 ከዚያ አልፎ ስለሚገኝ ኑሉ ይወድቃል፤ ገዢው ቡናው ይጎድላል ለማለት በቂ ማስረጃ አለው። አሁን የመጋዘኑን ሚዛን የሚያስተካክለውን ባለሙያ እናምጣ። ለእሱ ሚዛኑ ቢያጎድልም ቢያበዛም ያው ብልሽት ነው፤ በሁለቱም ይፈታዋል። አማራጩ μ ≠ 60 ነው፤ 5 በመቶው ለሁለት ተከፍሎ 2.5 በግራ፣ 2.5 በቀኝ ይሆናል፤ መቁረጫውም ወደ 2.03 ይርቃል። −2 በጥቂቱ ከውስጥ ቀረ፤ ኑሉ አይወድቅም።

በአንድ ጆንያ፣ በአንድ ሚዛን ሁለት ፍርድ! ክፍሉ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይንጫጫል፤ መንጫጫቱም ተገቢ ነው። መልሱ ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ነገር መጠየቃቸው ነው። ገዢው መቁረጫውን ያቀረበው በነፃ አይደለም፤ ጆንያው 61 ኪሎ ቢመዝን እንኳ ፈተናው ምንም እንዳይነግረው ተስማምቷል። ባለሙያው ሁለቱንም ጎን ማየት ፈለገ፤ ለዚያም የበለጠ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ደግሞም «ኑሉ አልወደቀም» ማለት «ሚዛኑ ልክ ነው» ማለት አይደለም፤ እነዚህ 36 ጆንያዎች ብልሽቱን ለማሳየት አልበቁም ማለት ብቻ ነው።

ገዢው አቅጣጫውን መምረጥ የሚችለው ግን ጆንያው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው። 59.6ን አይቶ «ይጎድላል» ያለ ተማሪ፣ 60.4 ቢያይ ኖሮ «ይበልጣል» ይል ነበር። በሁለቱም ጎን በ1.69 ይቆርጣልና በየጎኑ 5፣ በድምሩ 10 በመቶ የስህተት ዕድል ይዞ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ላይ ግን 5 ብሎ ይጽፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ ይህን የምለይበት ምልክት አለኝ። ዓላማው ላይ «ልዩነት መኖሩን ማየት» ተብሎ ተጽፎ፣ ውጤቱ ላይ አቅጣጫ ከመጣ እጠረጥራለሁ። የቀድሞዎቹ የኤስፒኤስኤስ ዕትሞች `Sig. (2-tailed)` በሚለው ዓምድ ሥር ለጆንያዎቻችን 0.053 ያወጣሉ፤ በእጅ ለሁለት ሲካፈል 0.027 ይሆንና ያልፋል። ማካፈሉ የሚፈቀደው አቅጣጫው አስቀድሞ ተጽፎ ከነበረና ናሙናውም በዚያው አቅጣጫ ከሄደ ነው። ባለመጋዘኑ «ቡና እያበዛሁ እከስራለሁ» ብሎ μ > 60ን ጽፎ ቢሆን ኖሮ የእሱ ቁጥር 0.027 ሳይሆን 0.973 ነበር። በአር ፕሮግራም ምርጫው በግልጽ ይጻፋል፦

```
t.test(kebdet, mu = 60, alternative = "less")
```

ምንም ካልተጻፈ አር ራሱ ሁለቱን ጎን ይወስዳል፤ ይህን ልማዱን እወድለታለሁ።

ጥያቄው አቅጣጫውን በግልጽ ባይናገርስ? የወለጋ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ ስለዚህ ኖራ መጨመር በበቆሎ ምርት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ማጥናት እዚህ የተለመደ ርዕስ ነው። ተማሪው ኖራ ምርት እንደሚጨምር ስለሚጠብቅ ወዲያው ባለ አንድ ጎኑን ይጽፋል። መጠበቅ ግን ምክንያት አይሆንም። የምጠይቀው ውጤቱ በተቃራኒው ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ነው። ገበሬው «ኖራ ልግዛ ወይስ አልግዛ?» ካለ፣ ምርቱ ባይለወጥም ቢቀንስም መልሱ አንድ ነው፤ አይገዛም። ለእሱ አንድ ጎን ይበቃል። ለተመራማሪው ግን ኖራው ሲበዛ እንደ ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለሥር እንደማይደርሱና ምርት ሊቀንስ እንደሚችል ይታወቃል፤ ያ ቅነሳ ቢመጣ ሊዘግበው የሚገባ ግኝት ነው። እሱ ሁለቱንም ጎን መያዝ አለበት። ጥርጣሬ ካለም የኔ ፍርድ ሁለቱ ጎን ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጁ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሁለቱን የመላምት መስመሮች ከነአቅጣጫቸው በፕሮፖዛላችሁ ላይ ጽፋችሁ፣ ቀን አድርጋችሁ፣ ለአማካሪያችሁ አስፈርሙ፤ መረጃ ለመሰብሰብ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።