አለቃ ለሐዘንተኛ ሲጽፍ፤ ስለ ማጽናኛ ደብዳቤና ስለ ሐዘን ፈቃድ አጻጻፍ

ሠራተኛ ዘመድ ሲሞትበት አለቃው የሚጽፍለት ደብዳቤ በብዙ መሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት መልክ ይዟል። ለዚህ ትችት መነሻ እንዲሆን ከተለመዱት ቃላት ያቀናበርኩት ምሳሌ እነሆ፤ «በደረሰብዎ መሪር ሐዘን የተሰማንን ኀዘን እየገለጽን፤ ድርጅቱ ሁኔታዎን በማየት ከዓርብ እስከ እሑድ የሦስት ቀን ፈቃድ የሰጠዎት ስለ ሆነ ሰኞ በሥራ ገበታዎ ላይ እንዲገኙ እናሳስባለን።»

ደብዳቤው የደረሰው ሰው መገናኛ አጠገብ ባለ፣ ቅዳሜም በሚሠራበት ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል እንበል። እናቱ በእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ሐሙስ ማታ ዐረፉ፤ ዓርብ በየካ ሚካኤል ተቀበሩ። የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ ጎረቤቱ ለቅሶ ተቀምጧል። ይህን ሁኔታ ይዘን ደብዳቤውን እንመርምር።

የመጀመሪያው ጉድለት «የሰጠዎት» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት፣ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛው፣ ልጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቈጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይገባዋል። እንግዲህ ይህ የአለቃ ችሮታ አይደለም። ሕግ ያዘዘውን እንደ ስጦታ አድርጎ ከማጽናኛው ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ማሰር፣ ሐዘንተኛውን በዚያች ሰዓት ባለ ውለታ ያደርገዋል።

ሁለተኛው በቀን አቈጣጠር ላይ ነው። አዋጁ የሚቈጥረው የሥራ ቀን ነው። እሑድ ዕረፍት ስለ ሆነ አይገባም፤ የእኛ ሠራተኛ ፈቃዱ ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ ሲሆን ወደ ሥራ የሚመለሰው ማክሰኞ ነው። ደብዳቤው ሳያስበው አንድ ቀን ነጥቆታል። ስሕተቱ የሚመጣው ጸሐፊው የሠልስትን ሦስት ቀንና የሕጉን ሦስት ቀን አንድ አድርጎ በመቍጠሩ ይመስለኛል። ለቅሶ በተከታታይ ይቈጠራል፤ ፈቃድ ግን በሥራ ቀን።

ስለዚህ ሁለት ወረቀት መጻፍ ይገባል እላለሁ። ማጽናኛው አጭር ይሁን፤ «ሟች» ከማለት ይልቅ «እናትዎ ወይዘሮ እገሊት» ብሎ በስማቸው ይጥራ፤ አለቃው ራሱ ይፈርምበት፤ የሥራ ነገር አይግባበት። ምርቃቱም እንደ ሰውየው ሃይማኖት ነው፤ ለክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር»፣ ለሙስሊሙ «አላህ ይዘንላቸው» ማለት ይስማማል። የፈቃዱ ወረቀት ደግሞ እንዲህ ቢል ይበቃል፤ «በአዋጁ መሠረት ዓርብ፣ ቅዳሜና ሰኞ ደመወዝ የሚከፈልበት የሐዘን ፈቃድ አለዎት። የሚመለሱት ማክሰኞ ነው። ተጨማሪ ቀን ቢያስፈልግዎ ከዓመት ፈቃድዎ ላይ እንነጋገራለን።» ሕጉ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደመወዝ የማይከፈልበት እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ፈቃድ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚፈቅድ፣ ይህም በግልጽ ቢጻፍ ሠራተኛው ለመጠየቅ አያፍርም። አሠሪው ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ ነገር ግን ጥያቄው ሰውየው ከተመለሰ በኋላ ቢመጣ ምንም አይጐድልበትም።

አዋጁ የማይደርስበት ስፍራም አለ። ወደ ጋራ ወላጅ ወጥቶ በመውረድ ሲቈጠር ወንድም ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ አክስት ግን ሦስተኛ ትሆናለች። ሠራተኛውን ያሳደገችው አክስቱ ብትሆን ሕጉ አያያትም፤ ልቡ ግን እናት ይላታል። የአለቃው ቸርነት እውነተኛ ስፍራውን የሚያገኘው እዚህ ነው፤ «ሰጠን» የሚለው ቃልም የሚያምረው ያን ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ሞቱ ሩቅ አገር ሲሆን ዘመድ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚነግረው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሠራተኛው ገና አልሰማም። መርዶ ደግሞ በሽማግሌና በቅርብ ዘመድ፣ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ሰው ባለበት የሚነገር ነገር ነው። አለቃው በቅንነት ቸኵሎ በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ቢልክ፣ ማጽናኛው ራሱ መርዶ ይሆናል፤ ሰውየውም በታክሲ ውስጥ ብቻውን ሳለ ያነበዋል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት «ተረድቷል ወይ?» ብሎ ዘመዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ «ገና ነው» ከሆነ የአለቃው ሥራ ዝም ብሎ፣ የፈቃዱን ወረቀት አዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ቀኑም መቈጠር ያለበት ሰውየው ከተረዳበት ዕለት ጀምሮ ቢሆን ፍትሕ ነው፤ አለዚያ ሳያውቅ በሥራው ላይ የዋለባቸው ቀኖች የሐዘን ፈቃዱን በልተውበት ይቀራሉ።