መጻፍ ሲፈጥን ዕዳው የት ይሄዳል?

የዳታቤዝ ማከማቻ ሞተር እንድትገመግሙ ስትጠየቁ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ቁጥር በሰከንድ ስንት መዝገብ ይጽፋል የሚለው ነው። በኤልኤስኤም ዛፍ ላይ ለተሠሩ ሞተሮች ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም። እነዚህ ሞተሮች ሲጽፉ የሚፈጥኑት ከባዱን ሥራ ለኋላ ስለሚያሳድሩት ነው። ስለዚህ ጥሩውን ከመጥፎው የምንለየው ያሳደሩትን ዕዳ መቼና እንዴት እንደሚከፍሉ አይተን ነው። የዛፉን ሐሳብ ፓትሪክ ኦኒልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተሙት ወዲህ ብዙ ሞተሮች ተሠርተውበታል። እዚህ የምመለከተው ፌስቡክ ከጎግሉ ሌቭልዲቢ ተነስቶ የሠራውን ሮክስዲቢን ነው፤ በብዙ ሰው እጅ የሚገባው እሱ ነውና።

አንድ መዝገብ ሲመጣ መጀመሪያ በሎግ ፋይል መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ከዚያ ሜሞሪ ውስጥ በቁልፍ ቅደም ተከተል ተደርድሮ በሚቀመጥ ሜምቴብል በሚባል ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል። ለደንበኛው «ተጽፏል» የሚል መልስ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም እዚሁ ይነሳል። ሎጉ በእርግጥ ዲስክ ላይ ደርሷል ወይስ ገና በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሜሞሪ ውስጥ ነው? በሮክስዲቢ `sync` የሚለው ምርጫ ካልተነካ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ፕሮግራሙ ቢወድቅ መዝገቡ ይተርፋል፤ መብራት ቢጠፋና ሰርቨሩ ቢዘጋ ግን የመጨረሻዎቹ መዝገቦች ሊጠፉ ይችላሉ። በዚህ ምርጫ ያልተስማሙ ሁለት ሞተሮችን ፍጥነት ማወዳደር ከንቱ ነው።

ሜምቴብሉ 64 ሜጋባይት ሲሞላ ይታሸግና ተደርድሮ ወደ ዲስክ ይወርዳል። ያ ፋይል ከዚያ በኋላ ፈጽሞ አይታረምም። አንድን ዋጋ መቀየር አዲስ መዝገብ መጻፍ ነው፤ መሰረዝም እንዲሁ «ይህ ቁልፍ ተሰርዟል» የሚል ምልክት መጻፍ ነው። አሮጌው የሚወገደው ኮምፓክሽን መጥቶ ፋይሎቹን ሲያዋህድ ብቻ ነው።

አዲስ የወረዱት ፋይሎች የሚያርፉበት ደረጃ ዜሮ ይባላል። እዚያ አንድ ቁልፍ በብዙ ፋይሎች ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አራት ፋይሎች ሲጠራቀሙ ወደ ደረጃ አንድ ይዋሃዳሉ። ከዚያ በታች በአንድ ደረጃ ያሉ ፋይሎች የየራሳቸው የቁልፍ ክልል አላቸው፤ አይደራረቡም። የደረጃዎቹ መጠን ቋሚ እንዲሆን ከተደረገ ደረጃ አንድ በግምት 256 ሜጋባይት ይይዛል፤ ቀጣዮቹ እያንዳንዳቸው አሥር እጥፍ እየሰፉ ደረጃ ሁለት ወደ 2.5 ጊጋባይት፣ ደረጃ ሦስት ወደ 25 ጊጋባይት ይደርሳሉ።

ሒሳቡን እንሥራው። ቁልፎቹ በዘፈቀደ የሚመጡ አዲስ መዝገቦች በሰከንድ 20 ሜጋባይት ይግቡ፤ መጭመቅን እንተወው። እያንዳንዱ ሜጋባይት አንዴ በሎግ፣ አንዴ ወደ ደረጃ ዜሮ ሲወርድ ይጻፋል። ወደ ደረጃ አንድ ሲገባ እዚያ ካለው እኩያው ጋር ስለሚዋሃድ ሁለት ጊዜ ያህል ይቆጠራል። ወደ ደረጃ ሁለት ሲወርድ ግን ደረጃው ከሞላ አሥር ሜጋባይት ነባር መረጃ ይጠብቀዋል፤ ያ ሁሉ አብሮ እንደገና ይጻፋልና አሥራ አንድ ሆነ። ወደ ደረጃ ሦስት ሲወርድም እንዲሁ። ሲደመር 26 እጥፍ ነው። ደረጃዎቹ ሁልጊዜ ሞልተው ስለማይገኙ በተግባር ያንሳል፤ 15 ብንለው እንኳ ለ20 ሜጋባይት ዲስኩ በሰከንድ 300 ሜጋባይት መጻፍ አለበት፤ ለማዋሃድ የሚነበበው ገና አልተቆጠረም።

አሁን የሁለት ደቂቃ ሙከራ ያሳያችሁን ሰው አስቡ። በሁለት ደቂቃ የገባው 2.4 ጊጋባይት ነው፤ ደረጃ ሁለት ገና አልሞላም፣ ደረጃ ሦስት ባዶ ነው። ከባዱ ክፍያ ሳይጀመር ሙከራው አልቋል። ደረጃ ሦስት የሚሞላው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤ እውነተኛው ፍጥነት የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው። ቁልፎቹ በቅደም ተከተል ከመጡም ሙከራው አይረባም። በ`db_bench` `fillseq` ሲሮጥ ፋይሎቹ ስለማይደራረቡ ሞተሩ ሳይጽፋቸው ወደ ታች ደረጃ ያዛውራቸዋል። `fillrandom` ወይም `overwrite` ጠይቁ።

ዕዳው መከፈል ሲያቅተው ምልክቱ ደረጃ ዜሮ ላይ ይታያል። ካልተቀየሩ ወሰኖቹ እነዚህ ናቸው፦

```
level0_file_num_compaction_trigger=4
level0_slowdown_writes_trigger=20
level0_stop_writes_trigger=36
```

የፋይሎቹ ቁጥር አራት፣ ስድስት ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። 20 ሲደርስ ሞተሩ ጸሐፊዎቹን ሆን ብሎ ያዘገያል፤ `LOG` በሚባለው ፋይል ውስጥም `Stalling writes because we have` የሚል መስመር ይታያል። 36 ሲደርስ መጻፍ ጨርሶ ይቆማል። እኔ በሰከንድ 15 ሜጋባይት ቀኑን ሙሉ ሳይናወጥ የሚጽፈውን፣ 40 ጽፎ በየጥቂት ደቂቃው ዜሮ ከሚወርደው አስበልጣለሁ። አማካዩ ይህን ይሸፍናል፤ ግራፉን ማየት ግድ ነው።

የደረጃ ዜሮ መከመር የሚጎዳው ንባብንም ጭምር ነው። አንድ ቁልፍ ለመፈለግ ሞተሩ ሜምቴብሉን፣ ከዚያ እያንዳንዱን የደረጃ ዜሮ ፋይል፣ ከዚያ ከየደረጃው አንድ አንድ ፋይል ያያል። በምሳሌያችን አራትና ሦስት፣ ሰባት ፋይሎች ናቸው፤ ደረጃ ዜሮ 20 ከደረሰ 23 ይሆናሉ። ብሉም ፊልተር የሚያድነው እዚህ ነው፤ ለአንድ ቁልፍ 10 ቢት ሲመደብለት «እዚህ የለም» የሚለው ሁልጊዜ እውነት ነው፣ በከንቱ «ሊኖር ይችላል» የሚለው ከመቶ አንድ ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ለሌለ ቁልፍ ሰባቱንም በከንቱ መክፈት ቀርቶ አንዱን መክፈት እንኳ ብርቅ ይሆናል። በሮክስዲቢ ግን ፊልተሩ ካልበራ የለም፤ የሠሪውን ጥንቃቄ ለመለካት `filter_policy` የሚለውን መስመር ማየት ይበቃል።

ፊልተሩ የማይረዳበት ቦታ ደግሞ አለ፤ ከዚህ እስከዚያ ያሉትን ቁልፎች አምጣ ሲባል ሁሉንም ምንጮች ጎን ለጎን ከፍቶ እያዋሃደ ማንበብ ግድ ነው። ክፉው ነገር የሚደርሰው ሞተሩን ለወረፋ ሲጠቀሙበት ነው። ሠራተኛው ከፊት እያነሳ ይሰርዛል፤ የስረዛ ምልክቶቹ ግን ኮምፓክሽን እስኪደርስባቸው ከፊት ተደርድረው ይቆያሉ። «የመጀመሪያውን አምጣ» የሚል ቀላል ጥያቄ አንድ መዝገብ ለመመለስ መቶ ሺህ የሞቱ ቁልፎችን ሊዘል ይችላል። `internal_delete_skipped_count` የሚለው ቆጣሪ ይህን ያጋልጣል፤ ወረፋው ባዶ ሲሆን ንባቡ መዘግየቱም ሌላው ምልክት ነው። ዕውቀት ያለው ሠሪ የመጨረሻውን የሰረዘውን ቁልፍ ይይዝና ፍለጋውን ከዚያ ይጀምራል። በሞተሩ ላይ ወረፋ ሠርቶ ያመጣላችሁ ሰው ካለ ይህን አስቀድሞ ማሰቡን ጠይቁት፤ ካላሰበበት ሥራውን አትረከቡት።