ከግድግዳው ጎልቶ የወጣው ዓምድ

በፒትስበርግ ከተማ በዱኬይን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜዴዮ ጆርጂ በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። የጥናቱ መነሻ አንዲት ሴት ስለ ሳሎኗ የተናገረችው ጥቂት አንቀጽ ነው። በፊኖሚኖሎጂ ስም የሚሠሩ ብዙ ጥናቶችን አንብቤአለሁ፤ የእጅ ሥራው እንደዚህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

ጆርጂ ሊያውቅ የፈለገው ሰው በዕለት ኑሮው ሲማር ምን እንደሚሆን ነበር። በሙከራ ሥነ ልቦና የሠለጠነ ስለነበር ቀላሉ መንገድ ቤተ ሙከራ ገብቶ መለካት ነበር። እሱ ግን ሴትየዋ አንድ ነገር የተማረችበትን ሁኔታ የምትችለውን ያህል ዘርዝራ እንድትነግረው ብቻ ጠየቃት። ጥያቄው ስለ መማር ያላትን አስተያየት አይፈልግም፤ ለምን እንደተማረችም አይመረምርም። መማር ማለት ምን እንደሆነ እንኳ አይነግራትም። የሚፈልገው አንድ የደረሰ ነገር ነው። አስተያየቷን ቢጠይቃት ኖሮ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ሐሳብ መልሳ ትሰጠው ነበር።

የነገረችው ታሪክ ተራ ነው። አንዲት ጓደኛዋ ስለ ቤት አደረጃጀት ስታጫውታት፣ ሰው ወደ አንድ ክፍል ሲገባ ስንት አግድም የተዘረጉና ስንት ቀጥ ብለው የቆሙ መስመሮች እንዳሉ ልብ እንደማይል ትነግራታለች። ሴትየዋ ቤቷ ስትመለስ በራሷ ሳሎን መስመሮቹን መፈለግ ትጀምራለች። ከግድግዳው ጎልቶ የወጣ አንድ ዓምድ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የግድግዳ እብጠት አድርጋ ብቻ ነበር የምታየው። አሁን ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ታያት። የሳሎኗ ችግርም ተገለጠላት፤ አግድሙ በዝቷል፣ ቀጥ ያለው አንሷል። ዕቃዎቹን አዛወረች፣ ጌጣጌጦችን አነሣች። ባሏ ሲገባ ክፍሉ መለወጡን አየ፤ የተለወጠው ምን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። እሷም አንድ ነገር መማሯን ያወቀችው ይህን ጊዜ ነው።

በዚያን ዘመን የሥነ ልቦና መጻሕፍት መማርን ከልምምድ የሚመጣና ጸንቶ የሚቆይ የባሕርይ ለውጥ ብለው ይፈቱት ነበር። ይህን ፍቺ ይዞ ወደ ታሪኩ የገባ ተመራማሪ በቀጥታ የሚሄደው ወደ ዕቃዎቹ ነው፤ ወንበር ተነሥቷል፣ ጌጥ ተወስዷል፣ እንግዲህ ባሕርይ ተለውጧል። ዓምዱ ከእጁ ያመልጣል፤ ዓምዱ አልተነካማ። ባልየውም ያመልጣል፤ ከተማረችው ነገር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የመጨረሻ ጭማሪ ይመስላል።

ቅንፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡን በ1913 ባሳተመው መጽሐፉ ያብራራው ኤድመንድ ሁሰርል ነው፤ ወደ ፍልስፍና ከመግባቱ በፊት የሒሳብ ሰው ነበር። በሒሳብ ቅንፍ ውስጥ የገባ ነገር አይሰረዝም። እንዳለ ተቀምጦ፣ የውጪው ስሌት ግን ለጊዜው ሳይነካው ይሄዳል። ጆርጂም ፍቺው ውሸት ነው አላለም፤ ለዚህች ሴት ቃል ዳኛ እንዳይሆን ብቻ ወደ ጎን አኖረው።

የጆርጂ ሁለተኛ ቅንፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስደንቀኛል፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉትም እሱን ነው። ሳሎኑ በእርግጥ አግድም መስመር በዝቶበት ነበርን? የጓደኛዋ ደንብስ በቤት ማስዋብ ባለሙያዎች ዘንድ ይጸናልን? ጆርጂ ሜትር ይዞ አልሄደም፤ ባለሙያም አላማከረም። እሷ ያየችው ነገር እንደ ታያት መጠን ይጠናል፤ ከእሷ እይታ ውጭ እንዲያ ስለመሆኑ ግን ምንም አይባልም። ጥናቱ ስለ ክፍሉ ሳይሆን ክፍሉ ለአንድ ሰው እንዴት እንደተገለጠ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ቢመለስ እንኳ የሚጨምረው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቃሉ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል፤ ሙሉው ሳይያዝ ክፍሉ አይቆረጥምና። ቀጥሎ በዝግታ ይነበብና የትርጉም መዞሪያ በተሰማ ቁጥር መስመር ይደረግበታል። ቁርጡ ሰዋስውን አይከተልም፤ አንዳንዱ ክፍል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንዳንዱ ሦስት አራት ሊሆን ይችላል። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ስለ መማር ምን እንደሚናገር ይጠየቃል። ዓምዱን የያዘው ክፍል ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ ቀድሞ ታውቀው የነበረው ነገር፣ ከሌላ ሰው በተቀበለችው አዲስ አተያይ ምክንያት፣ እሱ ራሱ ሳይለወጥ ሌላ ሆኖ ተገለጠላት። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንደበቷ ያልመጣ ነገር የለም፤ እሷ ግን በዚህ መልክ አልተናገረችውም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ነው፤ የሙያው ችሎታ የሚታየውም በዚያ ጥቂት ርቀት ላይ ነው።

ባልየው ላይ ሲደርስ ተመራማሪው ነገሩን በምናቡ ይፈትናል። ባልየው ባይኖር ይህ ገጠመኝ ያው ይሆን ነበር? ጓደኛዋስ ባትኖር? ሁለቱን ባወጣናቸው ጊዜ የሚቀረው ዕቃ ማዛወር ነው። አዲሱን አተያይ የሰጠቻት ጓደኛዋ ነበረች፤ አተያዩ የራሷ መሆኑን ያስታወቃት ደግሞ በዚያ አተያይ ማየት ያልቻለው ባሏ ነበር። ስለዚህ ጆርጂ በደረሰበት መዋቅር ውስጥ መማር ማለት ሰው እንደ ሁኔታውና እንደ ደረጃው ለአዲሱ ነገር መገኘቱ፣ ያም ከሌሎች ሰዎች ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ መሆኑና ጸንቶ መቆየቱ ነው። ሌሎች ሰዎች የሚለው ሐሳብ በፍቺው ውስጥ አልነበረም። ፍቺው ዞር ባለ ጊዜ ነው የገባው።

ዛሬ በአገራችንም በነርሲንግና በማኅበራዊ ሥራ የማስተርስ ጽሑፎች ውስጥ ግምቴን በቅንፍ አስገብቻለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር ይነበባል። ያ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አያሳይም። እኔ የምመለከተው ሰንጠረዡን ነው፤ በአንድ በኩል የተናጋሪው ቃል፣ በሌላው የተመራማሪው ጽሑፍ። በተመራማሪው በኩል በተናጋሪው ቃል ውስጥ መሠረት የሌለው ነገር፣ መካድ፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ መገለል የሚል ስያሜ ድንገት ከታየ ቅንፉ ፈርሷል። ቃለ መጠይቁ ላይም እንዲሁ ነው፤ ያን ጊዜ አዝነው ነበር አይደል ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ራሱ ይዞ መጥቷል። ደግሞም የውጤቱ ክፍል አንድም ሰው ሳይጠየቅ ከቀደሙ ጽሑፎች ብቻ ሊጻፍ የሚችል ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ ሥራ አልሠራም።

ቅንፉ ምሉዕ እንደማይሆን ፈላስፋው ሜርሎ ፖንቲ በ1945 ጽፏል፤ ሰው ከገዛ ዓለሙ ሙሉ በሙሉ መውጣት አይችልም። ጆርጂ ለዚህ ያለው መልስ የአሠራር ነው፦ ጥሬው ቃልና ትርጓሜው ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ አንባቢ ራሱ ያመሳክር። ቢያንስ የሦስት ሰዎች ቃል እንዲወሰድም ይመክራል፤ የአንዷን ልዩ ሁኔታ ከጋራው ለመለየት ያስችላልና።

ውጤቱን ለተናጋሪዋ መልሶ አሳይቶ ማጸደቅን ግን አይቀበልም። በዚህ ከእሱ ጋር የማይስማሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔ ወደ እሱ አደላለሁ። ዓምዱ እንዴት እንደታያት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የተናገረችው በትክክል መመዝገቡን እሷን መጠየቅ ተገቢ ነው። የሌሎች ሰዎች መኖር ለመማር አስፈላጊ ነው አይደለም የሚለው ግን ከብዙ ሰዎች ቃል ንጽጽር የሚወጣ ነው። እሷ ያየችው የራሷን ብቻ ነው።