ለቅሶ የሚደርሰው ወረቀቱ ነው

እኛ አገር የሥራ ባልደረባችን ሰው ሲሞትባት የምንጽፍላት ነገር ጥቂት ነው። ከሥራ ስንወጣ ተሰባስበን እንሄዳለን፤ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብለን፣ ትንሽ ቆይተን እንወጣለን። ቃላችን ቢያጥርም አይጎድልም፤ የቀረውን መምጣታችን ራሱ ይናገራል። ፈረንሳይ አገር በጸሐፊነት ስቀጠር ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። እዚያ ባልደረባ ብዙውን ጊዜ ሐዘንተኛ ቤት አይሄድም። ወደ ቤቷ የሚገባው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ልክ እንደ እንግዳ መግባት፣ መቀመጥና በጊዜ መውጣት መቻል አለበት።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ባልደረባዬ እናቷ ሞቱባት። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ግን ሁልጊዜ የምንነጋገረው በ«ቩ» ነበር፤ እኛ «እርስዎ» እንደምንለው ማለት ነው። እኔ ግን ሐዘኗ ስለከበደኝ በ«ቲዩ»፣ በ«አንቺ» ጻፍኩላት። ስሰማ አለቀስኩ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው፣ ስሜትሽን አውቀዋለሁ፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፣ በርቺ፣ የምትፈልጊው ነገር ካለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ አልኳት። ከመላኬ በፊት ፈረንሳይኛዬን እንድታርምልኝ ለአንዲት አንጋፋ ጸሐፊ አሳየኋት። ሰዋስዉን አልነካችውም። «ይህ ደብዳቤ ስለ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሼ ሳነበው ስለ እኔ ነበር። ያለቀስኩት እኔ፣ የማውቀው እኔ፣ የምጠብቀውም እኔ። «ዠ ሴ ስ ከ ቲዩ ረሳን»፣ ማለትም «የሚሰማሽን አውቃለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በፈረንሳይኛ ሐዘንተኛውን ያርቃል። ሰውየው በልቡ «አታውቂም» እንዲል ይጋብዘዋል። በ«ቲዩ» መጻፌ ደግሞ ፈቃድ ሳልጠይቅ መኝታ ክፍሏ ድረስ እንደ መግባት ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፦ በአፍ የምትነጋገሩበትን መጠሪያ በጽሑፍም ያዙ። በ«ቲዩ» የምትጠራውን ጓደኛ ሐዘን ስለሆነ ብለህ በ«ቩ» ብትጽፍለት ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ይቀዘቅዝበታል።

ከዚያ በኋላ ቃላቱን አንድ በአንድ አየናቸው። ሞትን ለመጥራት ፈረንሳይኛ ሦስት የተለመዱ ቃላት አሉት። «ሞር» ራቁቱን የቆመ «ሞት» ነው፤ ከባልደረባ ወደ ባልደረባ ሲጻፍ ይከብዳል። «ዲስፓሪሲዮን» ቃል በቃል መሰወር ማለት ሲሆን የለሰለሰ ነው። «ዴሴ» መካከለኛ ነው፤ የመዝገብ ቃል ቢሆንም «በታላቅ ሐዘን ሰማሁ» ከሚለው ጋር ሲቀመጥ አይቀዘቅዝም። እኛ «ዴሴ»ን መረጥን። «ኮንዶሌያንስ»፣ ማጽናኛው ቃል፣ ምንጊዜም በብዙ ቁጥር ይጻፋል። ብቻውን፣ «ቱት ሜ ኮንዶሌያንስ» ተብሎ ቢላክ ስህተት የለበትም፤ ግን በመተላለፊያ ላይ ለሚነገር ቃል እንጂ ለደብዳቤ አይበቃም።

አንጋፋዋ ጸሐፊ «በርቺ» ለማለት የጻፍኩትን «ቦን ኩራዥ»ም አወጣችው። ሰዎች ሰኞ ጠዋት ሥራ ለሚጀምር ሰውም ይሉታል፤ ስለዚህ ከእናት ሞት አጠገብ ይቀልላል። የእግዚአብሔርን ስም ለምን እንዳወጣች ስጠይቃት፣ እዚያ በሥራ ቦታ የሃይማኖት ነገር የግል ተደርጎ እንደሚያዝ ነገረችኝ። ሐዘንተኛዋ ራሷ የጸሎት ሥነ ሥርዓት መኖሩን ካላሳወቀች በስተቀር እምነቷን መገመት አይገባኝም። ለእኔ «ነፍስ ይማር» ሳይሉ ማጽናናት ከባድ ነበር። አሁንም በልቤ እላለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልጽፈውም።

ታዲያ ሙቀቱ የት ይግባ? እዚህ ላይ ነው ሙያው ያለው። ሙቀት የሚገባው በማጋነን አይደለም፤ አንድ እውነተኛ ትዝታና አንድ የተጨበጠ እርዳታ ይበቁታል። ባልደረባዬ በየመስከረሙ እናቷ የሠሩትን የሚራቤል ማርማላታ ለቢሮው ታመጣ ነበር። ሚራቤል ቢጫ፣ ትንሽ የፕለም ዓይነት ነው። እኚህን ሴት አላየኋቸውም፤ እጃቸውን ግን ቀምሻለሁ። ስለ ማርማላታው የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር ከቢሮው ሰው በቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም፤ ግን ስለ እናቷ እንጂ ስለ እኔ አይደለም።

እርዳታውም እንደዚሁ። «ኔዚቴ ፓ»፣ «የምትፈልጊው ካለ አታመንቺ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራውን መልሶ በሐዘንተኛው ትከሻ ላይ ይጭናል። ምን እንደሚያስፈልጋት አስባ፣ ደፍራ፣ ጠይቃ ማምጣት ያለባት እሷ ናት። ፈረንሳይ ውስጥ አባት ወይም እናት ለሞተበት ሠራተኛ ሕጉ የሚሰጠው ዝቅተኛው ፈቃድ 3 ቀን ነው። ብዙዎች የራሳቸውን ዕረፍት ይጨምሩበታል። ያም ሆኖ ሐዘንተኛው የተወው ሥራ ይከነክነዋል። የወሩ ሒሳብ መዝጊያ ደርሶ ነበርና «መዝጊያውን እኔ እይዘዋለሁ፤ እስኪመለሱ የሚጠብቅዎ ነገር የለም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን የምጽፈው አስቀድሜ ከአለቃችን ጋር ከተስማማሁ ብቻ ነው፤ የማልፈጽመው ቃል ከዝምታ ይከፋል።

በመጨረሻ ደብዳቤው አምስት ዓረፍተ ነገር ሆነ። መጀመሪያ «ዤ አፕሪ አቬክ ቦኩ ደ ትሪስቴስ ለ ዴሴ ደ ቮትር ሜር»፣ የእናትዎን ማረፍ በታላቅ ሐዘን ሰማሁ። ቀጥሎ ማርማላታውና እሷ ስለ እናቷ ስታወራ ፊቷ ላይ የማየው ደስታ። ሦስተኛው የሒሳቡ ነገር። አራተኛው «ነ ቩ ሳንቴ ፓ ኦብሊዤ ደ መ ሬፖንድር»፣ እንዲመልሱልኝ ግዴታ አይሰማዎ። ይህ አራተኛው በሩን ከፍቶ መውጣት ነው፤ ሳይጻፍ ከቀረ ሐዘንተኛዋ የምስጋና ዕዳ ይቆጠርባታል። አምስተኛው «ዠ ፓንስ ቢየን አ ቩ»፣ አስብዎታለሁ፤ ከልብ የሆነ ማጽናኛ ነው።

የመዝጊያው ቃልም ልክ አለው። በየቀኑ ኢሜይል መጨረሻ የምንጽፈው «ኮርዲያልማን» እዚህ ላይ ደረቅ ይሆናል፤ «አፌክቱዩዝማን» ደግሞ የቤተሰብና የወዳጅ ቃል ነው። በሁለቱ መካከል «አቬክ ቱት ማ ሳምፓቲ» አለ። «ሳምፓቲ» በዕለት ተዕለት ንግግር መወደድን ቢያመለክትም፣ በዚህ አባባል ውስጥ የሐዘን ተካፋይነት ነው። በ«ቩ» ለሚነጋገሩ ሰዎች ከዚህ የተሻለ መካከለኛ ቃል አላገኘሁም።

በነጭ ካርድ ላይ በእጄ ጻፍኩት። የመሥሪያ ቤቱን ዓርማ የያዘ ወረቀት አልተጠቀምኩም፤ ከሰው ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት የመጣ ያስመስለዋልና። ሞቱን በሰማሁበት ቀን በፖስታ ላክሁት። ወደ ሥራ ከተመለሰች በኋላ የደረሰ ካርድ ሐዘንተኛዋን እንደገና ያስለቅሳታልና።

ስትመለስ ስለ ደብዳቤው አላነሳሁባትም። በሦስተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን «ማርማላታውን አስታወሱት» አለችኝና ዝም አልን። ከዚያ በኋላም እስከምለቅ ድረስ በ«ቩ» ተነጋገርን።

እንግዲህ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ባልደረባችሁ የምትጽፉ ከሆነ፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ «እኔ» የሚለውን ቃል ቁጠሩ። ከሟቹና ከሐዘንተኛው በላይ ከበዛ፣ ደብዳቤው ገና አልተጻፈም።