የበጀት ዓመት መዝጊያና የሥራ ጫና ድርድር

የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 ቀን በሚዘጉ የንግድ ድርጅቶች፣ የሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት በሒሳብ ሠራተኛውና በፋይናንስ ኃላፊው መካከል አለመግባባት የሚበዛባቸው ጊዜያት ናቸው፤ ምክንያቱም የወሩ መደበኛ ሥራ ሳይቋረጥ የዓመቱ መዝጊያ ሥራ ይደረብበታል። በዚህ ወቅት «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ የሚቀርብ አቤቱታ እምብዛም ውጤት አያመጣም። አስቸጋሪ የሚባለው ኃላፊ በአብዛኛው ራሱ ከበላዩ ባለ ሥራ አስኪያጅ ወይም ቦርድ የሚጠየቅ ሰው በመሆኑ፣ የሠራተኛውን ድካም ሲሰማ የሚታየው መፍትሔ ሳይሆን እንቢታ ነው።

ስለዚህ ከመነጋገር በፊት ኃላፊው በዚያ ወር የሚጠየቅበትን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የጋራ ግብ ሲባል በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ራዕይና ተልዕኮ ማለት አይደለም፤ በክፍሉ ዓመታዊ ዕቅድ ላይ ቀን ተቆርጦለት የሰፈረ፣ ሳይሳካ ቢቀር ኃላፊውን መልስ የሚያሰጠው ውጤት ነው። የውጭ ኦዲተሩ፣ ማለትም የድርጅቱን ሒሳብ በገለልተኝነት የሚመረምረው ባለሙያ፣ በተባለው ቀን የተሟላ ሰነድ ማግኘቱ የዚህ ዓይነት ግብ ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ አስመጪ ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ በሳምንቱ ውስጥ የአራት ባንክ ሒሳቦችን ለማስታረቅ 14 ሰዓት፣ ለፔይሮልና ከደመወዝ ለሚቆረጠው ግብርና ጡረታ 10፣ የቫት ሰነዶችን ለማዘጋጀት 12፣ ኦዲተሩ ለሚፈልገው የተሰብሳቢና የተከፋይ ሒሳብ ዝርዝር 10፣ በድምሩ 46 ሰዓት ያስፈልጋታል። በዚህ ላይ የመጋዘን ቆጠራ ውጤትን ወደ ሲስተም አስገብታ ከዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ ጋር እንድታመሳክር ስትታዘዝና ይህም 20 ሰዓት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ድምሩ 66 ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓቱን ሥራም በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ ሁሉም ቢደመር ከ60 አያልፍም። በመሆኑም ጥያቄው የሠራተኛዋ ትጋት መለኪያ ሳይሆን የትኛው ሥራ ይቅደም የሚል ይሆናል።

ይህንን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ጽፋ ከሁለት አማራጭ ጋር ብታቀርበው ውይይቱ መልኩን ይለውጣል። የመጀመሪያው አማራጭ የቫት ሰነዱን ወደሚቀጥለው ሳምንት ማሸጋገር ነው፤ ሳምንቱ 54 ሰዓት ይሆናል፣ ነገር ግን ማሳወቂያው ጊዜው ካለፈበት ቅጣትና ወለድ ስለሚያስከትል የሚሠራበት ቀን ከወዲሁ መቆረጥ አለበት። ሁለተኛው ደግሞ 14 ሰዓት የሚፈጀውን የማስገባት ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማመሳከሩን ብቻ ለእርሷ መተው ሲሆን ሳምንቱን ወደ 52 ሰዓት ያወርደዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ሥራውን ለንብረት ጠባቂው መስጠት ቀላል ቢመስልም፣ ዕቃውን የሚይዝ ሰው ቆጠራውን ራሱ ሲመዘግብ ኦዲተሩ የውስጥ ቁጥጥር ድክመት አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ከሽያጭ ክፍል አንድ ሠራተኛ በውሰት መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር ጠያቂዋ የምታስበው ስለ ራሷ ዕረፍት ብቻ ሳይሆን ኃላፊው ስለሚፈራው የኦዲት አስተያየትም መሆኑን ከማናቸውም ትሕትና በላይ ያሳያል።

ኃላፊው «ሁሉም አስቸኳይ ነው፣ ሁሉም ይሠራ» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ክርክር መግጠም በተለይ በሌሎች ፊት ከሆነ ነገሩን ያከርረዋል፤ ይልቁንም «እሺ፤ ኦዲተሩ ሲመጣ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ባይደርስ ይሻልዎታል?» ብሎ ለብቻው መጠየቅ ውሳኔውን ወደ ባለቤቱ ይመልሳል። የተወሰነውን ነገር በዚያው ቀን በአጭር ኢሜይል መጻፍ ደግሞ፣ ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ሌላ ትዕዛዝ ሲመጣ መነሻ የሚሆን ሰነድ ያስገኛል።

ይሁን እንጂ በጋራ ግብ ስም መጠየቅ የሚሠራው ሥራን ቅደም ተከተል ለማስያዝ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ ሕግ የሰጣቸው መብቶች ስለሆኑ፣ ለድርጅቱ የሚያስገኙት ጥቅም እየተዘረዘረ መለመን የለባቸውም፤ አንድ ጊዜ በጥቅም ስም የተጠየቀ መብት በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ አልጠቀመኝም ሲል ሊነፈግ ይችላልና። ከላይ ባለው ምሳሌ ሠራተኛዋ የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ከ48 በላይ የምትሠራቸው ስድስት ወይም አራት ሰዓታት እንደሚከፈሉ በዚያው ሠንጠረዥ ግርጌ፣ ያለ ልመናና ያለ ማብራሪያ፣ አስፍራ ማቅረብ አለባት።